የጉንፋኑ ኩባያና ሳል የሌለው የጉሮሮ ሕመም

ማር፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አንድ ኩባያ ውስጥ ስለሚገቡ አንድ መድኃኒት ይመስሉናል። በጥናት ሲታዩ ግን ለየቅል ናቸው። ማሩ በልጆች ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ነጭ ሽንኩርቱ የቆመው በአንድ ጥናት ላይ ነው። ዝንጅብሉ ደግሞ፣ ለጉንፋን ከሆነ፣ ከላብራቶሪ ብዙም አልወጣም። ከሁሉም በላይ ግን ሦስቱም ተደምረው የማይነኩት አንድ ዓይነት የጉሮሮ ሕመም አለ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዋናነት ስለ እሱ ነው።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። የጥቅምት ዝናብ አልፎ የጮቄ ብርድ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከተማው በሙሉ ያስላል። ጠዋት በሩን ስከፍት የሚጠብቀኝ ሰው ጉሮሮውን በነጠላ ጠቅልሎ ነው። «የሳል ሽሮፕ አለ?» ይለኛል። ቀጥሎ የሚመጣው ንግግር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። «ማርና ዝንጅብሉን ጠጥቻለሁ፣ እሱ አልያዘልኝም እንጂ።»

የኛ አገር ኩባያ አሠራሩ ይታወቃል። ዝንጅብሉ ተልጦ ሙቀጫ ውስጥ ይወቀጣል። ሁለት ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት አብሮት ይደቆሳል። ውኃ ተጨምሮበት ይንተከተካል። አንዳንዱ ቤት ጤና አዳም ጣል ይደረግበታል። ሎሚ ካለ ሎሚ ይጨመቃል። ማሩ መጨረሻ ላይ ይገባል። ቤቱ የአረቄ ቤት ከሆነ ደግሞ ጠብ የምታደርግ አክስት አትጠፋም። እሷን እንለፋት። አረቄ ለጉሮሮ ማቃጠል እንጂ ሌላ የሚያደርግለት ነገር የለም፣ ልጅ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ከማሩ እንጀምር፣ ምክንያቱም የሚያኮራው እሱ ነው።

በ2007 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ አንድ ጥናት ወጣ። ከ2 እስከ 18 ዓመት የሆኑ 105 ልጆች ነበሩበት። ሁሉም በጉንፋን ምክንያት ሌሊት የሚያስላቸው ናቸው። ለአንዱ ቡድን ከመተኛቱ በፊት ማር ተሰጠው። ለሌላው የማር ጣዕም ያለው የታወቀ የሳል ሽሮፕ ተሰጠው። ለሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ጠዋት ላይ ወላጆች ስለ ልጃቸው ሳልና እንቅልፍ ነጥብ ሰጡ። ጥሩውን ነጥብ ያገኘው ማሩ ነበር። ሽሮፑ ግን ምንም ካለመስጠት እንኳ በግልጽ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ይህን ስነግራቸው ሽሮፕ ፈልገው የመጡ ደንበኞቼ ይገረማሉ። እኔም ሽሮፕ ሻጭ ነኝ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

አምስት ዓመት ቆይቶ እስራኤል ውስጥ በ300 ሕፃናት ላይ ሌላ ጥናት ተሠራ። ከ1 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ነበሩ። ሦስት ዓይነት ማር ተሞከረ። ማር ላልደረሳቸው ልጆች ማር የሚመስል የቴምር ሽሮፕ ተሰጣቸው። እንግዲህ ይህ ጥበብ ያለበት ሥራ ነው፤ ወላጅ የቱ እንደተሰጠው ካላወቀ «ማር ስለሆነ ተሻለው» ብሎ ራሱን አያታልልም። የሁሉም ልጆች ሳል ቀነሰ፣ ማር የወሰዱት ግን በበለጠ ቀነሰላቸው። የማሩ ዓይነት ለውጥ አላመጣም። ማሩ የተሰጠው አንድ ሌሊት ብቻ፣ ከመተኛት ግማሽ ሰዓት በፊት፣ 10 ግራም ያህል ነበር።

አንድ ነገር አልደብቅም። በሁለቱም ጥናቶች ላይ የማር አምራቾች ማኅበራት ገንዘብ አውጥተዋል። ይህ ማለት ውጤቱ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ግን ማር ሻጭ ስለ ማር ሲያወራ እንደምንሰማው፣ ጆሮ ቀጥ አድርጎ መስማት ነው። በኋላ በ2018 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም በልጆች ሳል ላይ የተሠሩ ስድስት ጥናቶችን አንድ ላይ መረመረ። የደረሰበት ነገር ልኩን የያዘ ነው። ማር ምንም ካለማድረግ ይሻላል። ባዶ ሽሮፕ ከመስጠትም ይሻላል። ጥቅሙ የሚታየው ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ይጠፋል።

ልብ በሉ፣ የተለካው ሳል ነው። የሌሊት ሳልና እንቅልፍ። ማር ጉንፋኑን ገደለ የሚል ጥናት የለም። ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ የሚያባርረው ሰውነታችን ነው። ማሩ የሚያደርገው ነገር ጉሮሮውን መሸፈንና ምራቅ ማምጣት ነው። ጣፋጭ ነገር ራሱ የሳልን ስሜት ያበርዳል ተብሎም ይገመታል። የቴምር ሽሮፑ የወሰዱት ልጆችም ትንሽ የተሻላቸው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሌላው ምክንያት ደግሞ ጉንፋን በራሱ ጊዜ መሻሉ ነው።

ይህ ሌላ ጥያቄ ይመልሳል። ጎጃም ውስጥ ማር ሲገዛ የሚነሳው ክርክር ሁሌ አንድ ነው፦ «ንጹሕ ነው? ስኳር የለበትም?» ገበያ ላይ የምታገኙት ማር ስኳር ሊገባበት እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ለኪስ ይጎዳል፣ ያናድዳል። ለሌሊት ሳል ግን ያን ያህል ነገሩን አያበላሸውም። ማሩ የአደይ ይሁን የብሳና፣ ነጭ ይሁን ቀይ፣ ለጉሮሮ ይህኛው ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። በውድ ዋጋ «የመድኃኒት ማር» እየተባለ ሲሸጥላችሁ ይህን አስታውሱ። ጥቅምትና ኅዳር ከጎረቤት ቀፎ የተቆረጠው ይበቃል።

መጠኑስ? ለትልቅ ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለታዳጊ ሁለት፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ላለው ደግሞ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነበር በአሜሪካኑ ጥናት የተሰጠው። ከመተኛቱ በፊት፣ እንዲሁ በማንኪያ። ውኃ ውስጥ መግባቱ ግድ አይደለም። በኩባያ ካላችሁ ግን ማሩን መጨረሻ ላይ፣ አፍ ሲችለው ጨምሩት። ጥርስ ማጠቡ አይረሳ፣ ማር በጥርስ ላይ አድሮ ምን እንደሚያደርግ የጥርስ ሐኪሞች ያውቁታል። ስኳር ያለበት ሰውም ማር ስኳር መሆኑን ይቁጠረው።

አሁን አንድ ክልክል ነገር። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር አይሰጥም። ትንሽም አይሰጥም። ጣት ነክሮ ማስላስም መስጠት ነው። ይህ የሐኪም ጥንቃቄ ማብዛት አይደለም። ማር ውስጥ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ስፖር ሊኖር ይችላል። ስፖር ማለት እንቅልፍ ላይ ያለ ባክቴሪያ ነው። የትልቅ ሰው አንጀት አያስቀምጠውም፣ ያልፋል። የጨቅላ አንጀት ግን ገና ስለሆነ ስፖሩ እዚያ ይነቃና መርዝ ይሠራል። ምልክቱ ሆድ መድረቅ፣ ለቅሶው ደከም ማለት፣ ጡት መሳብ አለመቻል፣ አንገቱ መልፈስፈስ ነው። ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ይመጣል። «እኔ ግን አፍልቼ ነው የምሰጠው» የሚሉ እናቶች አጋጥመውኛል። ማፍላት ስፖሩን አይገድለውም። ስፖሩ የሚሞተው ከመቶ ዲግሪ በላይ፣ በግፊት ባለ ማሽን ውስጥ ነው፣ በኛ ምድጃ ላይ አይደለም። ለጨቅላ ሳል ጡት ማጥባትና ጤና ጣቢያ ነው ነገሩ።

ነጭ ሽንኩርቱ ላይ አጭር እሆናለሁ፣ ምክንያቱም ማስረጃው ራሱ አጭር ነው።

ነጭ ሽንኩርት ሲደቆስ የሚሸተን ነገር አሊሲን ይባላል። ያልተነካ ፍሬ ውስጥ የለም። ሴሉ ሲፈርስ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ፣ አሊሲንም ይፈጠራል። ላብራቶሪ ውስጥ አሊሲን ባክቴሪያ ይገድላል። በሰው ላይ ግን ለጉንፋን ተብሎ በደንብ የተሠራ ጥናት አንድ ብቻ ነው የሚጠቀሰው። እንግሊዝ አገር 146 ሰዎች ለ12 ሳምንት በየቀኑ ወሰዱ፣ ግማሹ የነጭ ሽንኩርት እንክብል፣ ግማሹ ባዶ እንክብል። ነጭ ሽንኩርት የወሰዱት በጠቅላላ 24 ጊዜ ጉንፋን ያዛቸው። ባዶውን የወሰዱት 65 ጊዜ ያዛቸው። ቁጥሩ ያምራል። ሁለት ነገር ግን ይጎድለዋል። ጉንፋን መያዛቸውን የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው ደግሞ ይህንኑ በትልቁ ደግሞ አላረጋገጠውም። ከዚህም ሌላ፣ የተሞከረው ጉንፋን ሳይመጣ በፊት በየቀኑ መውሰድ ነው። ታመን ከተኛን በኋላ ሁለት ፍሬ ማኘክ አልተሞከረም። አንዴ ከያዛቸው በኋላ ለመዳን የወሰደባቸው ጊዜም ከሌላው ቡድን ብዙ አልተለየም።

ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ይግባ፣ በኩባያም ይግባ፣ ጉዳት የለውም። አንድ ብልሃት ብቻ ልንገራችሁ። ከደቆሳችሁት በኋላ ወዲያው የሚፈላ ውኃ ላይ አትክተቱት። አሥር ደቂቃ ያህል አስቀምጡት። አሊሲኑን የሚሠራው ነገር ሙቀት አይችልም፤ ቶሎ ከፈላ አሊሲን ሳይፈጠር ይቀራል። ለጉንፋን ይጠቅማል ባልልም፣ ነጭ ሽንኩርት ብሎ የሚያፈላ ሰው ቢያንስ ነጭ ሽንኩርቱን ያግኝ። በባዶ ሆድ ጥሬውን መዋጥ ግን ጨጓራ ላለበት ሰው ራስ ላይ ጣጣ ማምጣት ነው። ቆዳ ላይ አስሮ ማደርም ቆዳ ያቃጥላል፣ በተለይ የሕፃን።

ዝንጅብልስ? ለማቅለሽለሽ ጥሩ ማስረጃ አለው። ለጉንፋን ግን የሚጠቀሰው ነገር አብዛኛው ላብራቶሪ ነው። በ2013 ታይዋን ውስጥ ተመራማሪዎች ከሰው የመተንፈሻ አካል በተገኙ ሴሎች ላይ አንድ የሳንባ ቫይረስ ለቀቁ። ትኩስ ዝንጅብል ቫይረሱ ሴሉ ላይ እንዳይጣበቅ አደረገ። የደረቀው ዝንጅብል አላደረገም። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን ሳህን ላይ ያለ ሴል ዝንጅብሉን ቀጥታ ያገኘዋል። የኔ አፍንጫ ውስጥ ያለው ሴል ከኩባያው የሚደርሰው ምን ያህል ነው? ያ አልተለካም። ዝንጅብል ምራቅ ያመጣል፣ ያሞቃል፣ ጉሮሮን ነካ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ደስ ይላል፣ ለመጠጣትም በቂ ምክንያት ነው።

እንዲያውም ከሦስቱ ይልቅ ብዙ ሥራ የሚሠራው ውኃው ይመስለኛል። ሙቅ መሆኑ። በ2008 ዌልስ፣ ካርዲፍ ውስጥ ጉንፋን የያዛቸው 30 ሰዎች ላይ ነገሩ ተለካ። አንድ ዓይነት የፍራፍሬ መጠጥ ነበር። ለግማሾቹ ሙቅ፣ ለሌሎቹ ሳይሞቅ በክፍሉ ሙቀት። ሙቁን የጠጡት ወዲያው ተሻለን አሉ። ሳሉም፣ ማስነጠሱም፣ ጉሮሮውም፣ ብርዱም፣ ድካሙም። ግን በአፍንጫቸው የሚያልፈው አየር በመሣሪያ ሲለካ ምንም አልተለወጠም። አፍንጫው እንደተዘጋ ነው፣ ሰውዬው ግን ተሻለኝ ይላል። ለእኔ ይህ ስለ ጉንፋን ከተሠሩት ሁሉ ደስ የሚለኝ ጥናት ነው። የእናቶቻችን ኩባያ ምን እንደሚያደርግ ልክ ይነግራችኋል። ስሜቱን ያቀላል፣ በሽታውን አይነካም። ለጉንፋን ይህ ይበቃል፣ ጉንፋን በሳምንት በአሥር ቀን በራሱ ይሄዳልና።

ችግሩ የሚመጣው በራሱ የሚሄድ የሚመስል ሌላ ነገር ሲመጣ ነው።

አንድ ቀን ከከተማ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች እናት መስኮቴ ላይ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ጉሮሮ የሚያለሰልስ ከረሜላ ስጠኝ እስቲ።»

«ለማን ነው እታለም?»

«ለልጄ ነው። ዛሬ ሦስት ቀኑ። ማርና ዝንጅብሉን እየሰጠሁት ነው፣ ትናንት ማታ ትንሽ ቀለል አለው።»

«ያስለዋል?»

«ኧረ ሳልስ የለውም።»

«ንፍጥስ?»

«እሱም የለም። ግን እህል አልቀምስ አለ። ምራቁን ሲውጥ ፊቱ ይኮማተራል። ገላው ደግሞ እሳት ነው።»

ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በር ላይ ተቀምጧል። ከመንጋጋው ሥር፣ አንገቱ ፊት ለፊት፣ ሁለት እብጠት በግልጽ ይታያል። ስነካው ሸሸ። ይህን ያህል ካየሁ በኋላ ከረሜላውን አልሸጥኩም። ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው።

ምክንያቴን ላብራራ። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ቫይረስ ነው። ቫይረስ ሲሆን አብረውት የሚመጡ ጓደኞች አሉት፦ ሳል፣ ንፍጥ፣ ማስነጠስ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የዓይን መቅላት። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሲሆን ግን እነዚህ አይኖሩም። ድንገት ይጀምራል። ትኩሳቱ ከፍ ይላል። መዋጥ ያማል። የአንገት እጢዎች ፊት ለፊት ያብጣሉ፣ ሲነኩ ያማሉ። አፍ ተከፍቶ ሲታይ ቶንሲሉ ቀልቶ ያበጠ ነው፣ ብዙ ጊዜ ነጭ ነገር ይይዝበታል። ዕድሜው ከ5 እስከ 15 ከሆነ ጥርጣሬው ይጨምራል። ሐኪሞች ሳል አለመኖሩን እንደ አንድ ምልክት የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። እኛ ሳል ከሌለ «ቀላል ነው» እንላለን። እዚህ ላይ ነገሩ ተገላብጦ ነው ያለው።

ወጥመዱ ግን ሌላ ቦታ ነው። ይህ ባክቴሪያ ምንም ባይታከም እንኳ ትኩሳቱ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። ሕመሙም ይለቃል። እንግዲህ ያ ልጅ በሦስተኛው ቀን «ትንሽ ቀለል» ያለው ማሩ ስለሠራ ብቻ አይደለም። በአምስተኛው ቀን ኳስ ይጫወት ነበር። ቤተሰቡም ኩባያውን ያመሰግን ነበር። ለሚቀጥለው ልጅ፣ ለጎረቤት ልጅ፣ ይኸው ይነገር ነበር። ማንም የዋሸ የለም። ያዩትን ነው የሚናገሩት።

ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከተወሰኑት ልጆች ላይ ሌላ ነገር ይመጣል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራው መከላከያ በስህተት የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይመታል። ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው ይህ ነው። ጉልበት ያብጣል፣ ከዚያ ይለቅና ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ ከዚያ ክርን። ሰው «ቁርጥማት» ይለዋል፣ «ብርድ መታው» ይለዋል። ሦስት ሳምንት በፊት ጉሮሮውን አሞት እንደነበር ማን ያስታውሳል? ቁርጥማቱ ሳይጠባሰስ ይለቃል። ልብ ግን አይረሳም። ቫልቩ ይጠባሰሳል፣ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ያለው ሚትራል የሚባለው። ጉሮሮው በታመመ ቁጥር ይብስበታል። ልጁ አድጎ፣ ልጅቷ አርግዛ፣ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት ነው የሚታወቀው። በአገራችን የልብ ክሊኒኮች በወጣቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት የልብ ሕመሞች አንዱ ይህ ነው። ቫልቭ የሚጠገንበት ቦታ ጥቂት ነው፣ ወረፋውም ረጅም።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ደግሞ በርካሽ መድኃኒት ነው። ፔኒሲሊን። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከተጀመረ ሩማቲክ ፊቨርን ይከላከላል። ይህ ዘጠኝ ቀን የሚባለው ነገር ለገጠር ሰው ትልቅ ዜና ነው። ሌሊት ፈረስ ጭናችሁ አትሩጡ ማለት ነው። ሁለት ቀን በማርና በዝንጅብል ማስታገስ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ቀለል ሲለው መቅረት ላይ ነው።

ልጁ ጤና ጣቢያ ሲታይ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ነበረው። ክብደቱ 24 ኪሎ ሆነ። የሚሰጠው ነገር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋ መርፌ ነው፤ መጠኑ በክብደት ይለያያል፣ ከ27 ኪሎ በታች ግማሹ ነው። ያማል፣ ግን ያልቃል። ከመወጋቱ በፊት ለፔኒሲሊን አለርጂ ኖሮት ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃል፣ ከተወጋ በኋላም እዚያው ጥቂት ይቆያል። ሁለተኛው አሞክሳሲሊን ነው፣ በአፍ፣ ለ10 ቀን። እናትየው መርፌውን ፈራች፣ አሞክሳሲሊን ታዘዘለት። ወረቀቱን ይዛ ተመልሳ መጣች።

የኔ ሥራ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። መድኃኒቱን ከመስጠቴ በፊት «በአራተኛው ቀን ይድናል» አልኳት። «ትኩሳቱ ይጠፋል፣ እንጀራ ይበላል፣ ይሮጣል። ያኔ ነው ማቆም የሚያምርሽ። የቀረውን ለታናሽየው ላስቀምጠው ትያለሽ።» ሳቀች። አስባው ነበር ማለት ነው። የአሥሩን ቀን መጨረሻ ወረቀቱ ላይ በዕለቱ በዓል ስም ጻፍኩላት። ዛሬ ገብርኤል ነው፣ መጨረሻው አማኑኤል ነው አልኳት። ቁጥር ከምሰጣት ይህ ይሻላል።

ግማሽ ስትሪፕ አሞክሳሲሊን ለመግዛት የሚመጣ ሰው ደግሞ አለ። ሳል፣ ንፍጥና ከርከር የሚያደርግ ጉሮሮ ይዞ። ለእሱ ማሩ ይሻለዋል። አንቲባዮቲክ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ሰው ከመስኮቴ ፊት ቆሞ የሚፈልገው ነገርና የሚያስፈልገው ነገር እንዲህ ይገለባበጣል። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ማር ይዞ እቤቱ ተቀምጧል። ማር የሚበቃው አንቲባዮቲክ ይለምናል።

እንጥል ማስቆረጥም አለ፣ አሁንም አልጠፋም። ልጅ ጉሮሮውን ባመመው ቁጥር «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ በምላጭ ይቆረጣል። ደም፣ ኢንፌክሽን፣ ቴታነስ ያመጣል። ስለ ማርና ዝንጅብል የተናገርኩትን ልስላሴ ለዚህ አልናገርም።

ጤና ጣቢያ በዚያው ቀን የሚያስኬዱ ነገሮች አሉ፣ ማሩን የማይጠብቁ። ልጁ ምራቁን መዋጥ አቅቶት የሚያዝረበርብ ከሆነ፣ አፉ አልከፈት ካለ፣ ሲተነፍስ ድምፅ ካለው ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳልም በአገራችን ለቲቢ ይመረመራል። አክታ መስጠት ነው። ሦስተኛ ሳምንት ላይ ማር መቀየር፣ ነጭ ሽንኩርት መጨመር፣ የሌላ ቀበሌ ማር ማስመጣት የለም።

አንድ የመጨረሻ ሰዎች ቀርተውኛል። ቫልቫቸው ተጎድቶ ወይም ተቀይሮ ዋርፋሪን የሚወስዱ። ደም እንዳይረጋ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲወሰድ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል ተብሎ ይፈራል፣ ዝንጅብልም እንዲሁ። ወጥ ውስጥ የገባ አያሳስብም። በየቀኑ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በማር እየተነከረ መውሰድ ግን ሌላ ነው። ከዚህ ሰው ጋር ሳወራ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ድድህ ይደማል? ሰውነትህ ላይ ሳይመታህ የጠቆረ ቦታ አለ? አለ ካለ በሚቀጥለው ቀጠሮ አይደለም፣ ዛሬ የደሙ የመርጋት ፍጥነት ይለካ። ሲሄድም የሚወስደውን ሁሉ፣ ማር ውስጥ የተነከረውንም ጭምር፣ ለሐኪሙ ይንገር። ብዙ ሰው የቤት ነገር መድኃኒት አይመስለውምና አይናገርም።

ልጁ አሞክሳሲሊኑን እየወሰደ ማሩንም ይጠጣ ነበር። እናትየው «ይጋጫል እንዴ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። አይጋጭም። ማታ ማታ አንድ ማንኪያ ትስጠው።